ቡትስትራፕ ምንድን ነው?

አንድ ሰው ዘጠኝ ጠዋት ታክሲ የጠበቀበትን ደቂቃ መዘገበ እንበል። በቅደም ተከተል ሲደረደር 4፣ 6፣ 7፣ 9፣ 11፣ 14፣ 18፣ 25፣ 52 ሆነ። አማካዩ 16 ግድም ነው፤ ነገር ግን ያቺ የ52 ደቂቃ ጠዋት ብቻዋን ወደ ላይ ጎትታዋለች። ስለዚህ መሐል ላይ የተቀመጠውን ቁጥር፣ ሚዲያን የሚባለውን 11ን እንያዝ። ሌላ ዘጠኝ ቀን ቢመዘገብ ይህ 11 ምን ያህል ከፍና ዝቅ ይል ነበር?

ለአማካይ ቢሆን ኖሮ መልሱ በአንድ መስመር ቀመር ይገኛል። የሚዲያን ቀመር ግን የጥበቃ ጊዜው ስርጭት መሐሉ ላይ ምን ያህል እንደሚታጨቅ አስቀድመን እንድናውቅ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የማናውቀው ይህንኑ ነው።

የስታንፎርዱ ብራድሊ ኤፍሮን በ1979 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ቡትስትራፕ የተባለ መላ ናሙናውን፣ ማለትም የተመዘገቡትን ዘጠኝ ጠዋቶች፣ ራሱን እንደ ሕዝቡ፣ ማለትም እንደ ጠዋቶቹ ሁሉ፣ መቁጠር ነው። ዘጠኙን ቁጥሮች በዘጠኝ ወረቀት ጽፈን ዕጣ እናወጣለን። በዕቁብ አንዴ የደረሰው ሰው ዕጣ ተመልሶ አይገባም፤ እዚህ ግን የወጣው ወረቀት ሁልጊዜ ይመለሳል። ባይመለስ ዘጠኝ ጊዜ ስናወጣ ያንኑ ናሙና መልሰን እናገኝ ነበር። አንዱ ዙር ለምሳሌ 4፣ 7፣ 7፣ 9፣ 14፣ 14፣ 14፣ 25፣ 52 ይሰጠናል፤ ሚዲያኑ 14 ነው። ይህን ኮምፒውተር 10,000 ጊዜ ይድገመው፦

```python
import numpy as np
x = [4, 6, 7, 9, 11, 14, 18, 25, 52]
m = [np.median(np.random.choice(x, 9)) for _ in range(10000)]
print(np.percentile(m, [2.5, 97.5]))
```

ከተገኙት 10,000 ሚዲያኖች ከታችም ከላይም 2.5 በመቶውን ስንቆርጥ ከ6 እስከ 25 ይቀራል። የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልላችን፣ ማለትም እውነተኛው ሚዲያን ይገኝበታል ብለን የምንገምተው ክልል፣ ይህ ነው። ሰፊ ነው፤ ከዘጠኝ ጠዋት ግን ከዚህ የጠበበ መጠበቅ ስግብግብነት ነው። ዙሩን ሚሊዮን ብናደርሰውም ክልሉ አይጠብም፤ የሚቀንሰው የዕጣው የራሱ መዋዠቅ ብቻ ነው።

ዘዴው እያንዳንዱን ጠዋት ከሌላው ነጻ አድርጎ ያያል። ዝናብ የጣለበት ሳምንት ሙሉውን ረጅም ጥበቃ አምጥቶ ከሆነ ዕጣው ያንን ተከታታይነት ይበትነዋል፤ ክልሉም ከሚገባው በላይ ጠባብ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ተከታታይ ቀኖችን ሳይነጣጥሉ በጥቅል ማውጣት ይሻላል።

ከሁሉ የሚብሰው ከፍተኛውን ቁጥር ለመገመት ስንሞክር ነው። ከመቶ ዙር በ65 ያህሉ ከፍተኛው ያው 52 ይሆናል፤ ከ52 የሚበልጥ ግን አንድም ጊዜ አይወጣም። ውጤቶቹን በሥዕል ብናያቸው አንድ ረጅም ዓምድ ከጥቂት አጫጭሮች ጋር ይቆማል፤ ዘዴው መክሸፉን የሚያሳብቀውም እርሱ ነው። 70 ደቂቃ የተጠበቀበት ጠዋት ወረቀቶቹ ላይ ስላልተጻፈ የቱንም ያህል ዕጣ ብናወጣ አይመጣም።