የጣሊያን የቤት ኪራይ ውል በአማርኛ፦ ዴፖዚቶ፣ ፕሬአቪዞ እና ስፔሴ ኮንዶሚኒያሊ ምንድን ናቸው?

ጣሊያን የሚኖር አበሻ ቤት ሲከራይ ውሉን ብዙ ጊዜ የሚያነብለት ቋንቋውን የሚችል ዘመድ ወይም ጓደኛ ነው። ያ ሰው ጣሊያንኛውን አሳምሮ ያውቃል። ግን ለውሉ ቃላት የሚሰጠው አማርኛ አዲስ አበባ ቤት ስንከራይ የምንጠቀምበት ነው፣ እሱ ደግሞ ከአገር ቤት የኪራይ ልማድ ጋር ተሸክሞት የሚመጣው ትርጉም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ ሦስት ቃላት ላይ የሚፈጠር ስህተት በቀጥታ ከኪስ ያስወጣል።

አንድ ውል ለምሳሌ እንያዝ። ኪራዩ በወር 700 ዩሮ፣ ዴፖዚቶው 2,100 ዩሮ፣ ለስፔሴ ኮንዶሚኒያሊ ደግሞ በወር 80 ዩሮ። ውሉ «4+4» የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ሕግ ቁጥር 431 መሠረት አራት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ለሌላ አራት ዓመት ይታደሳል። የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ነው።

ከዴፖዚቶ እንጀምር። ሙሉ ስሙ «ዴፖዚቶ ካውጽዮናሌ» ነው። ብዙ ሰው «ቅድሚያ ክፍያ» ይለዋል፤ 2,100 ዩሮ የሦስት ወር ኪራይ ስለሆነ ያሳስታል። አዲስ አበባ የጥቂት ወራት ቅድሚያ ከከፈልክ እነዚያ ወራት ተከፍለዋል ማለት ነው። ዴፖዚቶ ግን የማንኛውም ወር ኪራይ አይደለም። አከራዩ ቤቱ ቢበላሽ ወይም ተከራዩ ሳይከፍል ቢቀር ብሎ ይዞት የሚቆየው፣ ቤቱ በደህና ሲመለስ የሚመልሰው ገንዘብ ነው። ውሎች ብዙ ጊዜ «ከኪራይ ላይ አይታሰብም» የሚል ሐረግ ይጨምራሉ። «ቅድሚያ» ተብሎ የተተረጎመለት ሰው ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው መክፈል ያቆማል፣ በሕግ ዓይን ደግሞ የሦስት ወር ኪራይ ያልከፈለ ሰው ይሆናል። ስለዚህ «የመያዣ ገንዘብ» በሉት፣ ወይም «ሲወጡ የሚመለስ መያዣ»።

«ቀብድ»ም አይሆንም። ቀብድ የሚቀርበው ለሌላ የጣሊያን ቃል ነው፣ ለካፓራ። ኤጀንሲ በኩል ቤት ሲያዝ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሚሰጠው ብር «ካፓራ ኮንፊርማቶሪያ» ተብሎ ከተጻፈ ሰጪው ቃሉን ሲያፈርስ ገንዘቡን ያጣል፣ ተቀባዩ ሲያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ተመሳሳይ ነገር ይላል። ልዩነቱ በእኛ ሕግ ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይቻላል፤ በጣሊያኑ ግን የተበደለው ወገን ካፓራውን ከመያዝ ይልቅ ውሉ ይፈጸምልኝ ብሎ መክሰስም ይችላል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው በንግግር ዴፖዚቶውን «ካፓራ» ይሉታልና አፋቸውን ሳይሆን ወረቀቱን ተከተሉ።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ ቁጥር 392 አንቀጽ 11 መያዣው ከሦስት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል፣ በየዓመቱ መጨረሻም ሕጋዊ ወለድ ለተከራዩ እንዲከፈል ያዛል። የ2024 ወለድ 2.5 በመቶ ነበር፤ በምሳሌያችን 52 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ሆኖም አንዳንድ ውል ላይ «ኢንፍሩቲፌሮ»፣ ማለትም ወለድ የማይታሰብበት፣ የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ተርጓሚው ይህን ማስተካከል የለበትም። እንዳለ «ወለድ የማይታሰብበት» ብሎ ይጻፈው፣ ሕጉ የሚለውን ደግሞ ከትርጉሙ ውጪ፣ በራሱ ማስታወሻ ይንገረው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ አንባቢው ውሉ ወለድ የሚፈቅድለት ይመስለዋል።

ፕሬአቪዞ ላይ ስንመጣ «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል አለን፣ የሕግ አማርኛውም ይሄው ነው። ተራ ሰው ግን ሲሰማው ጥፋተኛ የተባለ ይመስለዋል። «አስቀድሞ የማሳወቂያ ጊዜ» ብትሉት ግልጽ ነው። ዋናው ጣጣ ማሳወቂያው የምን እንደሆነ መለየት ነው፤ አማርኛው «ውል ማፍረስ» ብሎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። «ዲዝዴታ» ማለት የውሉ ዘመን ሲያልቅ አይታደስ ማለት ነው። በምሳሌያችን የመጀመሪያው አራት ዓመት የሚያበቃው ኦገስት 31 ቀን 2027 ስለሆነ ማሳወቂያው ከስድስት ወር በፊት፣ ማለትም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ መድረስ አለበት። «ሬቼሶ» ደግሞ ጊዜው ሳያልቅ መሃል ላይ መውጣት ነው። አንዱን «ውሉን አለማደስ»፣ ሌላውን «ከጊዜው በፊት መውጣት» በሉ።

ለሬቼሶም ሕጉ ስድስት ወር ይጠይቃል፣ በዚያ ላይ «ግራቪ ሞቲቪ»። ይህ «ከባድ ምክንያት» ነው እንጂ «በቂ ምክንያት» አይደለም፤ ከተከራዩ ፈቃድ ውጪ የሆነ፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የመጣ፣ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ነገር መሆን አለበት። መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ ከተማ ካዛወረው ያስኬዳል፣ ርካሽ ቤት አገኘሁ ማለት ግን አያስኬድም። ውሉ ራሱ «በማንኛውም ጊዜ» መውጣት ከፈቀደ ምክንያት አያስፈልግም፣ ስለዚህ ያቺ ሐረግ ትኑር አትኑር በትርጉሙ ውስጥ መታየት አለባት። ጊዜው የሚቆጠረው የአደራ ደብዳቤው፣ ራኮማንዳታው፣ አከራዩ እጅ ከገባበት ቀን ነው። ማርች 10 ቀን 2025 ከደረሰው እስከ ሴፕቴምበር 10 ኪራዩ ይቀጥላል፣ ይህም ስድስት ጊዜ 700፣ ማለትም 4,200 ዩሮ ነው። ቀኖቹን ሁሌ በፈረንጅ አቆጣጠር ተዉአቸው፣ «እ.ኤ.አ.» መጻፍም አትርሱ።

ስፔሴ ኮንዶሚኒያሊ ላይ «የኮንዶሚኒየም ወጪ» ማለት ያጓጓል። ለእኛ ግን ኮንዶሚኒየም መንግሥት በዕጣ የሚሰጠው ቤት ነው። በጣሊያን ማንኛውም ብዙ ባለቤት ያለው ሕንፃ ኮንዶሚኒዮ ነውና «የሕንፃው የጋራ ወጪ» ይሻላል። ከዚህ ውስጥ ተከራዩ የሚከፍለውን ሕጉ «ኦኔሪ አቼሶሪ» ይለዋል፦ የጋራ ቦታ ጽዳት፣ የሊፍት አገልግሎትና መደበኛ ጥገና፣ ውኃ፣ የኮሪደር መብራት፣ ማሞቂያ። ትልልቅ እድሳት የባለቤቱ ነው።

80 ዩሮው ምን እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ አጠገቡ ያለው ቃል ነው። «ፎርፌ» ካለ ቁርጥ ነው፣ በዚያው ያበቃል። «አኮንቶ ሳልቮ ኮንጓልዮ» ካለ ግን «በዓመቱ መጨረሻ የሚታረም ቅድሚያ» ማለት ነው። «በወር 80 ዩሮ የጋራ ወጪ» ብሎ ብቻ መተርጎም ይህን ይደብቀዋል። ተከራያችን በዓመት 960 ዩሮ ከፍሏል። ሒሳቡ ሲመጣ ድርሻህ 1,450 ነው፣ 490 ይቀርሃል ይለዋል። ዝርዝሩ ሲታይ 300 ዩሮው የሕንፃው ፊት እድሳት ነው። እሱ የአከራዩ ስለሆነ የሚቀረው 190 ዩሮ ነው። ክፍያው ከተጠየቀ በኋላ ሁለት ወር ጊዜ አለው፣ ከመክፈሉ በፊትም የወጪውን ዝርዝር፣ የአከፋፈሉን ስሌትና ደረሰኞቹን አሳዩኝ ማለት ይችላል። ይህ መብት የተጻፈው እዚያው የ1978ቱ ሕግ አንቀጽ 9 ላይ ነው፣ ውሉ ባይጠቅሰውም ይሠራል።