ከፍ ያለ ሙሌት ለምን ያማል?

የጥርስ ሙሌት ካስሞሉ በኋላ ማደንዘዣው ሲለቅ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ከመሰለዎት፣ ስሜትዎን ይመኑት። ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ስስ ጅማት ነው። ይህ ጅማት ከፀጉር የቀጠነ ልዩነት እንኳ ይለያል። ሙሌቱ በጥቂቱ ከፍ ካለ የንክሻው ኃይል በዚያ ጥርስ ላይ ያርፋል፤ ጅማቱ ይቆጣል፤ ሲያኝኩም ያማል።

ግራ የሚያጋባው ሐኪሙ መርምሮ «ልክ ነው» ካለ በኋላ ሲያም ነው። መንጋጋ የሚዘጋው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ጥርሶች ሙሉ በሙሉ የሚገጥሙበት ቦታ አለ፤ ጥርስ ሳይነካ የመንጋጋው መገጣጠሚያ በጉድጓዱ ውስጥ በትክክል የሚቀመጥበት ማዕከላዊ ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። በብዙ ሰዎች ሁለቱ በጥቂቱ ይለያያሉ። መንጋጋ ወደ ጎን ሲንሸራተት ደግሞ፣ በብዙዎች ዘንድ፣ የክራንቻ ጥርሶች እየመሩ የኋላ ጥርሶችን ያለያያሉ።

ለምሳሌ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ተሞልቶ፣ ጥርሶች የሚነካኩበትን ቦታ በቀለም የሚያሳየው ወረቀት ሲነከስ ነጥቦቹ እኩል ይወጣሉ። ወደ ጎን ሲፋጭ ግን ሙሌቱ ላይ ረጅም መስመር ይታያል፤ የሚያሳምመው እሱ ነው። ስለዚህ ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ፣ ቀና ብለው ተቀምጠው፣ ወደ ጎንም እያፋጩ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። መስመሩ ሲሞረድ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይበርዳል። ሳይነክሱ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ግን የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላልና ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።