CFG Scale ምንድን ነው? ጀበናዬስ ለምን ፕላስቲክ መሰለ?

በቀደም ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና ለሚሸጡ አንዲት እናት ፖስተር ልሠራ ብዬ ከጽሑፍ ምስል በሚሠራው የኤአይ ሞዴል፣ በስቴብል ዲፊዥን (ኤስዲኤክስኤል)፣ ምስል አወጣሁ። የሸክላ ጀበና፣ ረከቦት፣ የዕጣን ጭስ፣ ቄጤማ። ስልኬን ተቀብለው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ሸክላ ነው ፕላስቲክ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጀበናው ቅባት የተቀባ ይመስላል፣ ቄጤማው ዓይን ይወጋል፣ የቀጂዋ ፊት የአሻንጉሊት ነው። ሞዴሉ የጻፍኩለትን ምን ያህል አጥብቆ እንዲከተል የሚወስነውን ቁጥር፣ CFG Scale የሚለውን፣ 13 ላይ ሰቅዬው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞዴሉ ከተዝረከረከ ነጠብጣብ ተነስቶ በየዙሩ ምስሉን ያጠራል። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይገምታል፤ አንዴ የጻፍክለትን አይቶ፣ አንዴ ሳያይ። ከዚያ ልዩነቱን አንተ በሰጠኸው ቁጥር ያባዛል።

```
ውጤት = ሳያይ + CFG × (አይቶ − ሳያይ)
```

1 ላይ ምንም ተጨማሪ ግፊት የለም። 13 ላይ ግን ልዩነቱ በጣም ስለሚጋነን ውጤቱ ሞዴሉ ሲሠለጥን ካየው ልክ ያልፋል። ቀለሙ ጣራ ይነካል፣ ጥላው ድፍን ጥቁር ይሆናል፣ የሸክላው ሻካራነት ይጠፋል። ፕላስቲኩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እኔ መጀመሪያ የነካሁት Steps የሚለውን፣ ማለትም የዙሩን ብዛት ነበር። ከ25 ወደ 60 አወጣሁት። ጊዜ በላ እንጂ ጀበናው ያው ነው። DPM++ 2M Karras በሚባለው የማጥሪያ ስልት ከ30 ዙር በኋላ ብዙም ለውጥ አይታይም፤ 10 ላይ ግን ጠርዙ ይደበዝዛል። ስልቱ Euler a ከሆነ ደግሞ በየዙሩ አዲስ ነጠብጣብ ስለሚጨምር፣ ዙሩን ስትቀይር ምስሉ ራሱ ይቀየርብሃልና ለማወዳደር አይመችም።

ስለዚህ የመነሻውን ነጠብጣብ የሚወስነውን ቁጥር፣ Seed የሚለውን፣ ቆለፍኩ፣ Steps 28 ላይ ተውኩ፣ CFG ብቻ ቀያየርኩ። 3 ላይ ሸክላው ሸክላ ሆነ፤ ግን ረከቦቱም ጭሱም የሉም። 8 ላይ ሁሉም አለ፣ ቄጤማው ግን ማብራት ጀመረ። 5.5 ላይ ሁሉም መጣ፣ የፊቷም ቆዳ ቆዳ መሰለ። ይህ ቁጥር ለዚያ ሞዴል ነው፤ ቱርቦና ላይትኒንግ የሚባሉት በጥቂት ዙር እንዲሠሩ የተዘጋጁ ስለሆኑ CFG 1 ወይም 2 አካባቢ ነው የሚፈልጉት።

አንድ ነገር ግን በቁጥር አልተፈታም። የጀበናው አንገት የሻይ ማንቆርቆሪያ አንገት ነበር። ሞዴሉ ጀበናን በደንብ ካላወቀ፣ CFG መጨመር ያንኑ ማንቆርቆሪያ ያገንነዋል እንጂ ጀበና አያስተምረውም። የእሳቸውን ጀበና በስልክ አንስቼ ምስሉን ከእሱ አስጀመርኩት።

ወስጄ ሳሳያቸው «አብሽር፣ አሁን ሸክላ ሆነ» አሉና ትንሽ አጠጉት። «ሲኒው ግን ምን ሆኖ ነው ጆሮ ያወጣው?»