የኤስቲ ከፍታ ምንድን ነው? ስለ ቅርጹ ሳይሆን ስለ ተቃራኒው ሊድ

የኤስቲ ከፍታ ማለት የልብን የኤሌክትሪክ ምት በሚመዘግበው ኢሲጂ ላይ ከትልቁ ሹል ምት ቀጥሎ ያለው መስመር ከመነሻው ከፍ ማለቱ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ካሉ ክሊኒኮች ከታካሚ ጋር በሚላክ የኢሲጂ ወረቀት ጀርባ «ኤስቲው ወደ ታች የጎደጎደ ስለሆነ ፔሪካርዳይቲስ ነው» የሚል ማስታወሻ ደጋግሜ አነባለሁ፤ ፔሪካርዳይቲስ የልብ ሽፋን መቆጣት ነው። ሰሞኑን አንድ ባለሙያ ይህንኑ እንደ ሕግ ሲያስረዱ ስለ ሰማሁ መልስ መስጠት ግድ ሆነብኝ። ጉብታ የሠራ ከፍታ ኢንፋርክሽንን፣ ማለትም ኮሮናሪ የሚባለው የልብ ደም ቧንቧ ተዘግቶ የልብ ጡንቻ መሞቱን፣ አጥብቆ ያስጠረጥራል፤ የጎደጎደው ግን ኢንፋርክሽንን አያስቀርም፣ በተለይ ሕመሙ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት።

ከቃሊቲ የመጣ የ52 ዓመት አጫሽ ሰው ደረቱን ከተጫነው ሁለት ሰዓት ሆኖታል እንበል። ልብን ከታች በሚያዩት ሊዶች ከፍታው በII 1 ሚሊሜትር፣ በIII 2፣ በaVF 1.5 ሲሆን ቅርጹ የጎደጎደ ነው፤ ከተቃራኒው ጎን በሚያዩት ሊዶች ግን ኤስቲው በaVL 1.5፣ በI ደግሞ 1 ሚሊሜትር ወርዷል። ያ ባለሙያ ቅርጹን ብቻ አይተው ለፔሪካርዳይቲስ የሚሰጠውን ኢቡፕሮፌን ያዝዙ ነበር። ይህ ግን የልብ የታችኛው ግድግዳ ኢንፋርክሽን ነው፤ ከፍታው በIII ከII መብለጡና በI እና በaVL መውረዱ የተዘጋው የቀኝ ኮሮናሪ መሆኑን ያመለክታሉ። ሰርከምፍሌክስ የሚባለው የግራ ኮሮናሪ ቅርንጫፍ ሲዘጋ ብዙውን ጊዜ II ከIII አያንስም፣ በI እና በaVLም መውረድ ላይታይ ይችላል።

ኮሮናሪን እንደ ሰፈር የውኃ መስመር እዩት፤ አንዱ መስመር ሲዘጋ የሚደርቀው የሚያጠጣው ሰፈር ብቻ ነው። ፔሪካርዳይቲስ ግን መስመር ስለማይከተል ከፍታው በብዙ ሊዶች ይበተናል፣ II ከIII ይበልጣል፣ ኤስቲ የሚወርደውም በaVR እና አንዳንዴ በV1 ብቻ ነው። ንጽጽሩ እዚህ ላይ ይሰነካከላል፤ የፊተኛው ወራጅ ኮሮናሪ ረዝሞ የልብን ጫፍ ሲዞር ሁለት ሰፈር ስለሚያጠጣ፣ መዘጋቱ ከደረት ሊዶች ጋር የታችኞቹንም ከፍ አድርጎ በaVL የሚጠበቀውን መውረድ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ «ተበትኗል» ማለትም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ከትልቁ ምት በፊት ያለው የፒአር መስመር መውረድም ፔሪካርዳይቲስን ቢደግፍም በኢንፋርክሽንም አልፎ አልፎ ይታያል። አጠራጣሪ ሲሆን ኢሲጂውን በየ15 ደቂቃው መድገም ይሻላል፤ የኢንፋርክሽን ለውጥ በደቂቃዎችና በሰዓታት ሲታይ የፔሪካርዳይቲስ ቀናት ይፈጃል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣው ትሮፖኒን በሁለቱም ሊጨምር ስለሚችል አይዳኛቸውም።

በእኛ አገር የሳንባ ነቀርሳ ፔሪካርዳይቲስ ብዙ ጊዜ በልብ ዙሪያ ፈሳሽ አጠራቅሞ ስለሚመጣ፣ መጻሕፍቱ የሚያሳዩትን የኤስቲ ከፍታ ላያሳይ ይችላል።

ለቃሊቲው ሰው የሚቀረው በቀኝ ደረት ላይ በሚቀመጠው ሊድ፣ በV4R፣ ቀኝ ልቡን ማየት ነው፤ እዚያም ከፍታ ካለ ናይትሮግሊሰሪን የደም ግፊቱን ክፉኛ ሊጥለው ስለሚችል አይሰጠውም። አስፕሪን ወስዶ የተዘጋው ቧንቧ ወደሚከፈትበት ሆስፒታል ወዲያው ይላክ። ስህተቱ በሌላው አቅጣጫም ያስከፍላል፤ ፔሪካርዳይቲስ ላለበት ሰው የደም መርጋት ማሟሚያ መስጠት በልብ ሽፋን ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል።