የፍሬም በጀት ምንድን ነው? ብዥታው ርካሽ ስልክ ላይ ለምን እንደሚከብድ ለዲዛይነራችን

ሰላም እህቴ፣

የክፍያው ገጽ ከታች ሲወጣ ከኋላ ያለው የዕቃ ዝርዝር ቀስ በቀስ እንዲደበዝዝ የላክሽውን አኒሜሽን ሠርቼ ሞክሬዋለሁ። ያምራል፤ ዓይን የት ማረፍ እንዳለበትም በደንብ ይናገራል። አሁን ባለበት መልክ ግን ወደ አፑ አላስገባውም። ምክንያቱን በአንድ መስመር ከምነግርሽ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍልሽ መረጥኩ፤ ምክንያቱም በጉዳዩ ላይ ከተሰጡት አስተያየቶች አንዱ "ለክቼ አይቼዋለሁ፣ በ59 ኤፍፒኤስ ነው የሚሄደው፣ ታዲያ ምኑ ነው የከበደው?" የሚል ነበር። ይህን ዓይነት ክርክር በዚህ ዓመት ብቻ ስንቴ እንደሰማሁት ልቆጥረው አልችልም። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ቁጥሩ ምን ይነግረናል ብለን እንደምናስበው ነው።

ኤፍፒኤስን፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ የሚያሳያቸውን ፍሬሞች ወይም ምስሎች ብዛት፣ ብዙ ሰው እንደ መኪና ፍጥነት ያየዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አንዱን ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢዘገይ ቀጣዩን ፈጠን ብሎ ያካክሰዋል፤ በሰዓቱ ይደርሳል። ስክሪን ላይ ግን ማካካስ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ የጊዜ በጀት አለው፣ ካለፈው ተርፎ ወደሚቀጥለው የሚዞር የለውም።

ምግብ ቤት አስቢ። አስተናጋጁ ከማድ ቤቱ በር ላይ የሚቆመው እንደ ደወል በተቆጠረ ሰዓት ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ የ60 ኸርዝ ስክሪን በየ16.7 ሚሊሰከንዱ። ሲደርስ ሳህኑ ዝግጁ ከሆነ ይዞ ይወጣል። ድስቱ ሊወርድ አንድ ማማሰያ ቢቀረው እንኳ ቆሞ አይጠብቅም፤ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ እንግዳውም ፊቱ ያለውን የቀድሞውን ሳህን እያየ ይቆያል። ሥራው በ17 ሚሊሰከንድ ቢያልቅ እንግዳው የሚያየው በ17 ሳይሆን በ33.3 ነው፤ በ34 ካለቀ ደግሞ በ50። በጀቱ ማለት ይህ ነው፤ ትንሽ ማለፍ የሚባል የለም፣ ማለፍ ማለት አንድ ሙሉ ዙር መክሰር ነው። (አንድሮይድ አንድ ተጨማሪ ሳህን አስቀድሞ በማዘጋጀት ጥቂት ትንፋሽ ይሰጣል። ያ ግን አንድ ጊዜ ለሚያዳልጥ ፍሬም ነው፤ በተከታታይ ለሚያልፍ አይረዳም።)

ወደ ራሳችን ጉዳይ ስንመጣ፣ የፈተንኩበት ስልክ 2 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ስክሪኑ 720 በ1600፣ 60 ኸርዝ፣ አንድሮይድ 12 ነው። ገጹ ወጥቶ እስኪቆም የሰጠሽው ጊዜ 300 ሚሊሰከንድ ስለሆነ 18 ፍሬም መታየት ነበረበት። ብዥታው እያደገ ባለበት ጊዜ ግን አንዱ ፍሬም ከ35 እስከ 45 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሦስት ዙር ይወስዳል፣ 50 ሚሊሰከንድ፤ በ300 ውስጥ የሚታየው 6 ፍሬም ብቻ ነው። አንቺ በጥንቃቄ ያወጣሽው መነሻው ፈጠን፣ መድረሻው ለስለስ የሚለው እንቅስቃሴ ወደ ስድስት ዝላይ ይለወጣል። ተጠቃሚው "ስታክ አደረገ" ይላል፤ የክፍያ ገጽ ስለሆነ ደግሞ አልሠራም ብሎ ቁልፉን ደግሞ ይነካል።

59 ኤፍፒኤስ ከየት መጣ? አስተያየቱን የሰጠው ሰው ዝርዝሩን 10 ሰከንድ ያህል ሲያንሸራትት ቆይቶ መሃል ላይ ገጹን አንድ ጊዜ ከፈተ። በ10 ሰከንድ 600 ዙር አለ። ከነዚህ የጠፉት በአኒሜሽኑ ጊዜ የተዘለሉት 12 ናቸው። 588 ለ10 ሲካፈል 58.8። አማካዩ አልዋሸም፤ ግን የጠፉት 12 ፍሬሞች በ10 ሰከንዱ ላይ አልተበተኑም፣ ሁሉም ሰው በሚያያት በአንዲት ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ተከማችተዋል። አኒሜሽን ሲለካ አማካይ መጠየቅ የለበትም። መጠየቅ ያለበት በአኒሜሽኑ ጊዜ ብቻ ስንት ፍሬም በጀቱን አለፈ፣ እጅግ የዘገየውስ ስንት ወሰደ የሚለው ነው። እኔ የለካሁት መጀመሪያ ቆጣሪውን ባዶ አድርጌ፣ ገጹን ብቻ ከፍቼ፣ ወዲያው ውጤቱን በማንበብ ነው፦

```
adb shell dumpsys gfxinfo com.example.app reset
adb shell dumpsys gfxinfo com.example.app
```

ከሚወጣው ጽሑፍ በጀቱን ያለፉትን ፍሬሞች የሚቆጥረውን `Janky frames` እና ከአሥር ፍሬሞች ዘጠኙ በስንት ሚሊሰከንድ ውስጥ እንዳለቁ የሚነግረውን `90th percentile` የሚሉትን መስመሮች ተመልከቺ፤ ሌላው ለጊዜው ይቆይ።

ሁለተኛው ክርክር "ይህን የሚሠራው ጂፒዩው ነው፣ ስለዚህ አይከብድም" የሚል ነው። ጂፒዩ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሚስለው የቺፑ ክፍል ነው፤ ክርክሩም ለአንዳንድ ነገር እውነት ነው። አንድን የተሳለ ሽፋን ማንቀሳቀስ፣ ማሽከርከር፣ ታይነቱን መቀነስ ለጂፒዩ ቀላል ሥራ ነው፤ ሽፋኑ አንዴ ተስሏል፣ የሚለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። ብዥታ ግን ሌላ ነው። አንድን ፒክስል ለማደብዘዝ በዙሪያው ያሉት ፒክስሎች ሁሉ ምን ዓይነት ቀለም እንዳላቸው ማወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ማድ ቤቱን እንደገና ልመለስበት። የስልክ ጂፒዩ ሙሉውን ስክሪን በአንዴ አይስልም። ስክሪኑን ወደ ትናንሽ ካሬዎች፣ ለምሳሌ 16 በ16 ፒክስል፣ ይከፋፍልና እያንዳንዷን አጠገቡ ባለች ትንሽ መክተፊያ ላይ ጨርሶ ያስቀምጣል። መክተፊያዋ ቺፑ ውስጥ ያለች ፈጣን ሚሞሪ ናት። ዋናው ሚሞሪ ጓዳው ነው፤ ሩቅ ነው፣ መተላለፊያውም ጠባብ ነው፣ በዚያ ላይ ፕሮሰሰሩም፣ ስክሪኑም፣ ካሜራውም የሚመላለሱት በዚያው ነው። ብዥታ ሲመጣ ወጥቤቱ መክተፊያዋ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ መሥራት አይችልም፤ የጎረቤት ካሬዎች ያስፈልጉታል። ስለዚህ እስካሁን የሳለውን ሁሉ ጓዳ ያስገባል፣ ከዚያ መልሶ ያወጣል፣ በአግድም ያደበዝዛል፣ ጓዳ ይመልሳል፣ እንደገና አውጥቶ በቁም ያደበዝዛል፣ ጓዳ ይመልሳል፣ በመጨረሻም ለስክሪኑ ያወጣዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በእያንዳንዱ ፍሬም ነው።

ምልልሱን በቁጥር ብናየው፣ 720 በ1600 ማለት 1,152,000 ፒክስል ነው። እያንዳንዱ 4 ባይት ስለሚይዝ አንድ ሙሉ ስክሪን 4.6 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ከላይ ያለውን ጉዞ መጻፉንም ማንበቡንም ብንቆጥር ስድስት ጊዜ ይሆናል፤ ለአንድ ፍሬም ወደ 28 ሜጋባይት፣ በ60 ፍሬም ሲባዛ በሰከንድ ከ1.6 ጊጋባይት በላይ። ይህ ከብዥታው በቀር ሌላ ምንም ሳይሳል ነው። ለውዱ ስልክ ይህ ትንሽ ነው። ለርካሹ ስልክ ግን ጠባቡን መተላለፊያ ከሌላው ሁሉ የሚቀማ ጭነት ነው።

ስሌቱ ሻካራ መሆኑን መናገር አለብኝ። ጥሩ የኮድ ላይብረሪ ምስሉን መጀመሪያ አሳንሶ ስለሚያደበዝዘው ምልልሱ ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ ዘዴ የሚጠቅመው ብዥታው ትልቅ ሲሆን ነው፤ ትንሽ ብዥታ መጠኑ ባነሰ ምስል ላይ ከተሠራ ጥርስ ጥርስ ያወጣል። የአንቺ ብዥታ ደግሞ ከ0 ተነስቶ ወደ 24 ስለሚያድግ ግማሽ መንገዱን ማሳነስ በማይቻልበት ክልል ውስጥ ነው የሚያልፈው። በየፍሬሙ መጠኑ ስለሚለወጥም ያለፈውን ውጤት አስቀምጦ መልሶ መጠቀም አይቻልም። ስለዚህ ከሁሉ የሚከብደው ብዥታው ራሱ ሳይሆን ብዥታው *ማደጉ* ነው። ይህን ለይተሽ እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ፤ መፍትሔው ያለው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አልጠየቀኝም ግን ሁሌም የሚረሳ ነው። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሥራ በሌለበት ጊዜ ጂፒዩውን በዝቅተኛ ፍጥነት ያቆየዋል። ከባድ ሥራ ሲመጣ ፍጥነቱን ከፍ ለማድረግ ጊዜ ይወስዳል። 300 ሚሊሰከንድ አጭር ስለሆነ ወጥቤቱ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሳይጨርስ አኒሜሽኑ አልቋል። ለዚህ ነው ረጅም ጨዋታ ያለችግር የሚያጫውት ስልክ በአንድ አጭር ገጽ ላይ የሚይዘው። ከዚህም ሌላ አሁን ርካሽ ስልኮች በ90 ኸርዝ ስክሪን እየመጡ ነው፤ እዚያ በጀቱ 11.1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ ጂፒዩው ግን ብዙ ጊዜ ያው ደካማው ነው። ስክሪኑ ስለፈጠነ ስልኩ ጠነከረ ማለት አይደለም።

ያንቺ ፕሮቶታይፕ ላፕቶፕ ላይ ለስልሶ መሄዱ ከዚህ ጋር አይጋጭም። የላፕቶፑ መተላለፊያ ሰፊ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ተጠቃሚው የክፍያ ቁልፉን ሲነካ፣ ገጹ መንቀሳቀስ ከመጀመሩ በፊት፣ የዝርዝሩን አንድ ፎቶ አንስቼ በየጎኑ ወደ ሩብ አሳንሰዋለሁ፤ 180 በ400 ይሆናል፣ 72,000 ፒክስል፣ ከዋናው 16 ጊዜ ያነሰ። ያንን አንድ ጊዜ ብቻ በ6 አደበዝዘዋለሁ፤ ወደ ሙሉ ስክሪን ሲለጠጥ የአንቺን 24 ያህል ይመስላል። ከዚያ የደበዘዘውን ምስል ከዝርዝሩ በላይ አድርጌ ታይነቱን ከ0 ወደ 100 አሳድጋለሁ። የሚያድገው ብዥታ ሳይሆን ምስሉ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ለጂፒዩው ከቀላሎቹ ሥራዎች አንዱ ነው። ፎቶው በሚነሳበት ቅጽበት አንድ ፍሬም ልትጠፋ ትችላለች፣ ግን በዚያ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ዓይን አይይዛትም።

ይህ መንገድ ገደብ አለው። ከኋላ ያለው ነገር የሚንቀሳቀስ ቢሆን፣ ቪዲዮ ለምሳሌ፣ የደበዘዘው ምስል ፈዝዞ ቆሞ ይታያል። በክፍያው ገጽ ዝርዝሩ ስለማይንሸራተት ችግር የለብንም፤ በፕሮፋይሉ ገጽ ግን ተመሳሳዩን ከጠየቅሽኝ አይሆንም እላለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲታይም ትንሽ ልዩነት አለው። እውነተኛው የሚያድግ ብዥታ ፊደሎቹን ቀስ በቀስ ያቀልጣል፤ የእኔው ጥርት ያለውንና የደበዘዘውን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ያሳያል። በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ አብዛኛው ሰው አያየውም፣ አንቺ ግን ታይዋለሽ፤ ስለዚህ ዓይንሽ ይፈርደው።

ነገ የፈተናውን ስልክ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጥልሻለሁ። ሁለቱም ስሪት አለበት። በስልኩ የገንቢ አማራጮች ውስጥ `Profile HWUI rendering` የሚለውን ከፍተሽ `On screen as bars` ምረጪ፤ ከታች የሚወጡት ዘንጎች እያንዳንዳቸው አንድ ፍሬም ናቸው፣ አረንጓዴዋ አግድም መስመር በጀቱ ናት። በመጀመሪያው ስሪት ዘንጎቹ መስመሯን አልፈው ሲወጡ፣ በሁለተኛው ከአንዱ በስተቀር ከሥሯ ሲቀሩ ታያለሽ። ከአንቺ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የደበዘዘው ምስል ላይ የሚጨመረው የጥቁር መጠን በመቶኛ፣ እና ታይነቱ ከገጹ እኩል ይድረስ ወይስ 100 ሚሊሰከንድ ቀድሞ ይጨርስ የሚለው። እኔ ቀድሞ ቢጨርስ እመርጣለሁ፤ ሙሉ ከሆነ በኋላ ከሥሩ ያለውን ዝርዝር መሳል ማቆም እችላለሁ።