የሠርግ ፈቃድና የዓመት ፈቃድ በአንድ ማመልከቻ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሚያገባ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ከዓመት ፈቃዱ አይቀነስም። (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።)

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚሠራ ሰው እሑድ ጥር 16 ቀን 2019 መሐል ሜዳ ሊያገባ ነው እንበል። ማመልከቻው ላይ እንዲህ ይጻፍ፦

«ጥር 16 ስለማገባ ከጥር 17 እስከ 19 የጋብቻ ፈቃድ 3 ቀን፣ ጥር 14 እና 15 እንዲሁም ከጥር 20 እስከ 22 ከዓመት ፈቃዴ 5 ቀን እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ሰኞ ጥር 24 ሥራ እገባለሁ።»

እሑድ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ አልተቆጠረም። «የ8 ቀን የሠርግ ፈቃድ» ብሎ በጥቅሉ መጻፍ ግን ጣጣ አለው፤ ሰው ኃይል 8ቱንም ከዓመት ፈቃድ ሊቀንስ ይችላል። ለይቶ መጻፍ ሌላም ጥቅም አለው፦ የዓመት ፈቃድ የሚወጣው በአሠሪው ፕሮግራም ስለሆነ 5ቱ ቀን «ሥራ በዝቷል» ተብሎ ቢተላለፍ እንኳ 3ቱ አብረው አይወድቁም። ጥር የሠርግ ወር ነውና ፈቃድ ጠያቂው ይበዛል፤ ማመልከቻው ቀደም ብሎ ይግባ። አሠሪው ማስረጃ ከጠየቀ ማቅረብ ግዴታ ነው። ቀሪ የሆነው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ማስጻፍም አይረሳ።