«የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን» ብሎ መጻፍ ለምን አይበቃም? የሥራ ደንብ የወሊድ አንቀጽ ምንድን ነው?

ገላን አካባቢ ካለ አንድ አነስተኛ ፋብሪካ የሥራ ደንቡን እንድመለከትላቸው ሰጡኝ። ስለ ወሊድ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ነፍሰ ጡር ሠራተኛ የ4 ወር የወሊድ ፈቃድ ይኖራታል፤ ከ2 ወር በፊት ያላሳወቀች ፈቃዱን አታገኝም።» የመጀመሪያው ሐረግ ግድየለሽ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሕገ ወጥ። በአካባቢው ያየኋቸው ደንቦች አብዛኞቹ ከዚህ ብዙም አይርቁም።

የወሊድ አንቀጽ ማለት ሦስት ነገር የሚመልስ የደንብ ክፍል ነው፦ ምን ያህል ቀን ይገኛል፣ መቼና እንዴት ይታወቃል፣ ስትመለስ ምን ይጠብቃታል። በግል ድርጅት ላለ ሠራተኛ መነሻው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ 30 ተከታታይ ቀናት የቅድመ ወሊድ፣ 90 ተከታታይ ቀናት የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ደንብ ከዚህ በላይ መስጠት ይችላል፣ በታች ግን አይችልም። በእኛ አገር ይህን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው፤ የሚጋራው የመድን ፈንድ የለም። ትንንሽ ድርጅቶች አንቀጹን በፍርሃት የሚጽፉት ለዚህ ይመስለኛል።

30 እና 90 ተደምረው 120 ይሆናሉ፤ ሲጻፉ ግን መደመር የለባቸውም። ያቺው ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ የሠራችን አንዲት ሴት እንውሰድ። ሐኪሙ የገመተላት የመውለጃ ቀን ሐምሌ 10 ቀን 2016 ነው። ስለዚህ የቅድመ ወሊድ ፈቃዷ ከሰኔ 10 እስከ ሐምሌ 9 ይቆጠራል፤ ልክ 30 ቀን። ሕፃኑ ግን ሐምሌ 2 መጣ። ፈቃዷ ላይ የነበረችው 22 ቀን ብቻ ነው። በአዋጁ መሠረት ስትወልድ የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ይጀምራል፤ የቀሩት 8 ቀናት ወደ 90ው የሚዞሩት ደንቡ ከፈቀደ ብቻ ነው። ደንቡ ባዶውን «120 ቀን» ካለ ግን እሷ 98 ይገባኛል ትላለች፣ የሰው ሀብት ክፍሉ 90 ይላል፣ ሁለቱም ወረቀቱን እያሳዩ ይከራከራሉ።

አሁን ደግሞ እንገልብጠው፤ ሐምሌ 16 ወለደች እንበል። እስክትወልድ ያለው ጊዜ በሐኪም አስተያየት ተጨማሪ ፈቃድ ነው። 90ው ሳይነካ ይቆያል። «120 ቀን» ተብሎ በአንድ ከረጢት የገባ ፈቃድ ግን ዘግይታ የወለደችውን ከሕፃኗ ጋር የምትቆይበትን ጊዜ ያስቀንሳታል። ይህ ከሕጉ በታች ነው፣ ግን ጸሐፊው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ደምሮ ስለጻፈ ብቻ ነው።

«ወር» ብሎ መጻፍም የራሱ ወጥመድ አለው። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ወር 90 ቀን ነው፣ ጳጉሜን መሀል ካልገባች። ሐምሌ 2 የወለደችው ሴት ከማግስቱ ጀምሮ 90 ቀን ብንቆጥርላት ሐምሌ 28፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 27 ቀን ይሆናል፤ የምትገባው መስከረም 28 ነው። «ሦስት ወር» ካልን ግን ጥቅምት 3 ትገባለች። አምስት ቀን ልዩነት። ተቆጣጣሪው ቀሪ አድርጎ ይመዘግባታል፣ እሷ ፈቃዴ አላለቀም ትላለች። በፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 ብዙውን ጊዜ 89 ቀን ነው፤ «ሦስት ወር» ሲሰጡ ከሕጉ አንድ ቀን ጎደሉ ማለት ነው። ስለዚህ በቀን ይጻፍ። እንቁጣጣሽና መስቀል መሀል ቢገቡም አይጨመሩም፣ «ተከታታይ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይኸው ነውና።

እኔ የጻፍኩላቸው እንዲህ ነበር፦

«ሠራተኛዋ ሐኪም ከገመተው የመውለጃ ቀን በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወለደችበት ቀን ማግስት ጀምሮ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ታገኛለች። ከተገመተው ቀን ዘግይታ ከወለደች፣ እስክትወልድ ያለው ጊዜ በሐኪም ማስረጃ ተጨማሪ ፈቃድ ይሆናል፤ ከ90ው ቀንም ሆነ ከዓመት ፈቃዷ አይቀነስም።»

ወደ ማሳወቂያው ስንመጣ፣ አዋጁ ለወሊድ ፈቃድ ይህን ያህል ጊዜ አስቀድማ ታሳውቅ አይልም። ድርጅት ግን ምትክ ሰው ማዘጋጀት አለበት፣ ልመናው ፍትሐዊ ነው። ልዩነቱ በመለመንና ፈቃዱን በዚያ ላይ በማንጠልጠል መሀል ነው። «ያላሳወቀች አታገኝም» ሕጉ የሰጠውን ይነጥቃል። «ከተገመተው ቀን 60 ቀን በፊት የሐኪም ወረቀት ታቀርባለች፤ በበቂ ምክንያት ብትዘገይም ፈቃዷ አይቀርም» ግን ለሁለቱም ይሠራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተቀባዩ እንዲጽፍበት ማድረግን አትርሱ። የዚያችው ሴት የአልትራሳውንድ ወረቀት ላይ 17/07/2024 ተጽፎ ነበር፤ የመዝገብ ቤቱ ልጅ ቀንና ወሩን ብቻ አይቶ መጋቢት 17 ብሎ መዘገበው። በእኛ ሰባተኛ ወር መጋቢት ነዋ! ትክክለኛው ሐምሌ 10 ነበር። ሴትዮዋ ስታስረዳው፣ «ጋሼ፣ በመጋቢት የምወልድ ቢሆን እስካሁን ልጁ ይዳህ ነበር» አለችው።

መመለሻው ላይ ደንቦች ዝም ይላሉ፣ ችግሩ የሚፈላውም እዚያው ነው። አሠሪው ሠራተኛዋን በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ በወሊዱ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። 90ው ቀን አልቆ ወደ ሥራ ከተመለሰች በኋላ አንድ ወር ያህል ጥበቃው ይቀጥላል ማለት ነው። አንድ ቦታ «ስትመለስ ለ45 ቀን በሙከራ ትሠራለች» የሚል አይቻለሁ። የሥራ ውሏ ስላልተቋረጠ የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። በምትኩ «ወደነበረችበት የሥራ መደብ፣ በነበራት ደመወዝና ደረጃ ትመለሳለች፤ በፈቃድ ላይ ሳለች የተደረገ አጠቃላይ የደመወዝ ጭማሪም ይጨመርላታል» ይባል። ምትክ የተቀጠረው ሰው ውል ላይ «ባለቦታዋ እስክትመለስ» የሚል ካልተጻፈ ግን ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ መስከረም 28 ጠዋት ሁለት ሰው አንድ ማሽን ፊት ይቆማሉ።

ጡት ማጥባቱን ድርጅቱ ራሱ ይሙላው። ገላን ያለች እናት የፋብሪካው ሰርቪስ ላይ የምትሳፈረው ገና ሳይነጋ ነው፣ ቤቷ የምትገባው ሲመሽ። እስከ 6 ወር ድረስ በቀን አንድ ሰዓት ዘግይታ መግባት ወይም ቀድማ መውጣት ትችላለች ብለን ስንጽፍ፣ ሰርቪሱ ቀድማ ለምትወጣ አይንቀሳቀስም የሚል ጥያቄ ከጋራዡ መጣ። እውነት ነው። የታክሲ ገንዘብ ይከፈል ወይስ ሰዓቱ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ተጠራቅሞ ይሰጥ የሚለውን ምርጫ ለሠራተኛዋ ትተን አለፍን።

አባትየውን በተመለከተ፣ አዋጁ 3 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ችግሩ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል የሚለው ነው። የብዙዎቹ ሚስቶች ለመውለድ እናታቸው ዘንድ ገጠር ይወርዳሉ፣ ሦስቱ ቀን ከወሊዱ ዕለት ከተቆጠረ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ «ልጁ በተወለደ በ15 ቀን ውስጥ ሠራተኛው በመረጠው ቀን ይጀምራል፤ የልደት ማስረጃውን ከተመለሰ በ30 ቀን ውስጥ ያቀርባል» አልን። ማስረጃውን ቀድሞ ማምጣት ያለበት ሰው፣ ወረቀቱን ለማውጣት ፈቃዱን ይጨርሳል።